የሶሌታ ጣሪያ ሲያፈስ ምን እንምረጥ? የሬንጅ ሜምብሬን፣ ፈሳሽ ቅብ እና ሲሚንቶ-ነክ ቅብ ሲነጻጸሩ

ካቻምና በጥቅምት ወር ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የቤቱ ጣሪያ ጠፍጣፋ ሶሌታ ሲሆን 14 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ዙሪያውን 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የብሎኬት ፓራፔት ታጥሯል። በስምንት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሜምብሬን አስለጥፈዋል። ሁለቱንም ጊዜ የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ፤ በሁለተኛው ክረምት ሐምሌ ላይ የላይኛው ፎቅ መኝታ ቤት ጥግ እንደገና አረጠበ። «ልጄ፣ አሁን ፈሳሹን ላስቀባ ወይስ ወፍራሙን ሜምብሬን ልድገመው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ውሃው በየት እንደሚገባ እንወቅ፤ ምርጫው ከዚያ በኋላ ይቀላል» አልኳቸው።

የእሳቸው ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። መርካቶ ሄዶ «የጣሪያ ውሃ መከላከያ» ብሎ የጠየቀ ሰው በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል። አንደኛው በጥቅል የሚሸጥና በጋዝ እሳት እየቀለጠ የሚለጠፍ የሬንጅ ሜምብሬን ነው። ሁለተኛው በሮለር ወይም በብሩሽ የሚቀባ ፈሳሽ ነው፤ ፖሊዩሬቴን ወይም አክሪሊክ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ዱቄቱና ፈሳሹ ተቀላቅሎ የሚቀባ ሲሚንቶ-ነክ ቅብ ነው። ሦስቱም በቦታቸው ሲውሉ በደንብ ይሠራሉ። ውሃው ከጀርባቸው ዞሮ ከመጣ ግን አንዳቸውም አያድኑም። ስለዚህ ንጽጽሩን ከጣሪያው ልጀምር፤ ወደ ዕቃዎቹ በኋላ እደርሳለሁ።

ውሃው በየት ነው የሚገባው?

ኮርኒሱ ላይ ያለው የውሃ እድፍ የሚናገረው ነገር አለ። እድፉ በክፍሉ መሀል፣ በመብራት መስመር ወይም በቱቦ ማለፊያ አጠገብ ከሆነ ሶሌታው ላይ ያለ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ ይጠረጠራል። የውጭውን ግድግዳ ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ፣ በተለይም ጥግ ላይ ከበረታ፣ ፓራፔቱና ሶሌታው የሚገናኙበት ቦታ ይጠረጠራል። መውረጃ ቱቦው ባለበት ቦታ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሜምብሬኑ ከመውረጃው አፍ ጋር የተያያዘበትን ቦታ ማየት ነው። ይህ ግን ጥርጣሬ ብቻ ነው። ውሃ ሶሌታው ላይ በተነጠፈው የአሸዋና የሲሚንቶ ድርብ፣ ማለትም በስክሪዱ፣ ውስጥ ለውስጥ ሜትሮችን ተጉዞ የሚንጠባጠበው ሌላ ቦታ ሊሆን ስለሚችል በእድፉ ብቻ ፈርዶ ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

የሚያረጋግጠው የውሃ ሙከራ ነው። መውረጃዎቹን በላስቲክና በጨርቅ ደፍነን፣ ጥልቅ በሆነው ቦታ 5 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ ጣሪያው ላይ ውሃ እናቆማለን። ከዚያ በላይ አንሄድም፤ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ጭነት ነው። ውሃው ሜምብሬኑ ግድግዳው ላይ ከወጣበት ከፍታ በታች መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ወለሉንና ፓራፔቱን በአንድ ላይ እየፈተንን ስለሚሆን ውጤቱ አይለይልንም። እንዲህ አድርገን 48 ሰዓት እንጠብቃለን። ወለሉ ካላፈሰ ውሃውን እንለቅና በጎማ ፓራፔቱን ከታች ወደ ላይ በየተራ እናርሳለን፤ መጀመሪያ የውስጥ ገጹን፣ ቀጥሎ አናቱን፣ መጨረሻ የውጭ ገጹን። ለእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ሰዓት እንሰጣለን።

የመምህሩ ጣሪያ ላይ ውሃው ሁለት ቀን ሲቆም ታች ምንም ጠብታ አልታየም። ሁለት ጊዜ የተተቸው ሜምብሬን ወለሉ ላይ ደህና ነበር። የፓራፔቱን አናት በጎማ ማርስ በጀመርን በ40ኛው ደቂቃ አካባቢ ግን መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ ያለው እድፍ መስፋት ጀመረ። ጥጉ ላይ ልስኑን ስናነሳ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ሜምብሬኑ ግድግዳው ላይ የወጣው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ የተለጠፈውም ልስኑ ላይ ነው፤ ከልስኑ ጀርባ ያለው ብሎኬት ደግሞ ባዶ ነው። የፓራፔቱ አናት ምንም ክዳን ስላልነበረው ዝናቡ በተሰነጠቀው ልስን ገብቶ፣ በብሎኬቶቹ ቀዳዳ ቁልቁል ወርዶ፣ ከሜምብሬኑ በታች ሶሌታው ላይ ይደርሳል። ሜምብሬኑ በተቀየረ ቁጥር ፓራፔቱም አብሮ እንደ አዲስ ይለሰንና ይቀባ ነበር። አዲሱ ልስን አንድ ክረምት ይቋቋማል፤ በበጋው ፀሐይ ይሰነጠቃል፤ በቀጣዩ ሐምሌ ያፈሳል። የመጀመሪያው ዓመት በሰላም የሚያልፈው ለዚህ ነበር።

ስሎፕ፦ የትኛውም ዕቃ የማይተካው

ጣሪያው ጠፍጣፋ ይባል እንጂ ጠፍጣፋ መሆን የለበትም። ውሃ ወደ መውረጃው እንዲሄድ ቢያንስ 1.5 በመቶ፣ ማለትም በየሜትሩ 1.5 ሳንቲ ሜትር፣ ዝቅ ማለት አለበት። ለመለካት ሲባጎና የውሃ ልክ ጎማ ይበቃል። ከጣሪያው ከፍተኛ ቦታ እስከ መውረጃው 5 ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 7.5 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ሲባጎ የማይወጥር ሰው ደግሞ ዝናብ ካባራ ከሁለት ቀን በኋላ ይውጣና ይመልከት። ያኔም ኩሬ ካለ ስሎፑ ተበላሽቷል፤ ደርቆም ቢሆን ኩሬው የነበረበት ቦታ ላይ አቧራው ክብ ሠርቶ ይቀራል።

የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በእነዚህ ወራት ጣሪያ ላይ የቆመ ኩሬ ሳይደርቅ ሌላ ዝናብ ይጨመርበታል። ስለዚህ ስሎፑ የተበላሸ ሶሌታ በክረምት ወራቱን ሙሉ እንደ ገንዳ ይቆያል። ሬንጅ ሜምብሬን የቆመ ውሃን ከሌሎቹ በተሻለ ቢችልም በመደራረቢያው ላይ ያለች ትንሽ ጉድለት ያኔ ትገለጣለች። አክሪሊክ ቅብ ደግሞ ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲቆምበት ይለሰልስና ይላጣል።

ስሎፑን በስክሪድ ስናስተካክል የሚረሳው ነገር ክብደት ነው። የመምህሩ ጣሪያ ላይ ሁለቱም መውረጃዎች በአንዱ ረጅም ጎን ነበሩ። በዚያው ቢቀጥል ውሃው ሙሉውን 10 ሜትር መጓዝ አለበት፤ 1.5 በመቶ ማለት 15 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ነው። መውረጃው ጋ 3 ሳንቲ ሜትር ስክሪድ ቢኖር በሌላው ጫፍ 18 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የአሸዋና የሲሚንቶ ስክሪድ በኩብ ሜትር 2,100 ኪሎ አካባቢ ስለሚመዝን ጣሪያው በጠቅላላ ወደ 31 ቶን ይሸከማል፤ በወፍራሙ ጫፍ በካሬ ሜትር 380 ኪሎ ገደማ። ይህን ያለ መሐንዲስ ፈቃድ አሮጌ ሶሌታ ላይ መጫን አደገኛ ነው።

ሌላው አማራጭ ከፍታውን በመሀል አድርጎ ውሃውን ወደ ሁለቱም ጎኖች ማካፈል ነው። ያኔ ጉዞው 5 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ስክሪዱም ከ3 ሳንቲ ሜትር ተነስቶ መሀል ላይ 10.5 ይደርሳል። ጠቅላላ ክብደቱ ወደ 20 ቶን ይወርዳል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ በሌላው ጎን ሁለት አዲስ መውረጃ መክፈት ነው፤ እኔ ያለማመንታት ይህን እመርጣለሁ። ክብደቱን ይበልጥ ለመቀነስ ከታች ያለውን ክፍል ፑሚስ በሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሠርቶ ከላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ጠንካራ ስክሪድ ማልበስ ይቻላል። ፑሚስ ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ ስለሚመጣ እዚህ በቀላሉ ይገኛል። ነገር ግን እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል፤ ለመድረቅ ከተራው ስክሪድ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

መውረጃ ስንት ይበቃል? በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር ፍጥነት ያለው ኃይለኛ ዝናብ ብናስብ 140 ካሬ ሜትር ጣሪያ በሰከንድ 4 ሊትር ገደማ ውሃ ያወርዳል። አንድ 110 ሚሊ ሜትር መውረጃ አፉ ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ቆሞበት ይህን ያህል ሊውጥ ይችላል። ነገር ግን አንድ ፌስታል ወይም የተከመረ በረዶ አፉን ሲደፍነው ምንም አማራጭ አይቀርም፤ ከሁለት በታች መሆን የለበትም የምለው ለዚህ ነው። በተጨማሪ ፓራፔቱን ሰንጥቆ ወደ ውጭ የሚያፈስ አንድ የትርፍ ውሃ ቱቦ ይኑር፤ ከወለሉ ዝቅተኛ ቦታ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ያ ቱቦ ውሃ ሲተፋ ከታየ መውረጃው እንደተደፈነ ያስታውቃል።

ሦስቱ አማራጮች

የሬንጅ ሜምብሬን አንድ ጥቅል 1 ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት አለው። ለጣሪያ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይመረጣል። ትልቁ ጥቅሙ ውፍረቱ ፋብሪካ ውስጥ የተወሰነ መሆኑ ነው፤ የሠራተኛው እጅ ሊያሳንሰው አይችልም። ድካሙ መደራረቢያው ላይ ነው። በጎን 10 ሳንቲ ሜትር፣ በጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር መደራረብ አለበት። በትክክል ከቀለጠ በመደራረቢያው ጠርዝ ላይ ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር የቀለጠ ሬንጅ ወጥቶ ይታያል። ይህ ካልታየ ሙቀቱ አልበቃም ማለት ነው፤ ጠርዙን በካቻቢቴ ጫፍ ስንገፋው ይነሳል። ሥራው ከመውረጃው፣ ማለትም ከዝቅተኛው ቦታ፣ ተጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል፤ እንደ ቆርቆሮ የላይኛው የታችኛውን መደረብ ስላለበት ነው።

አንድ ንብርብር ወይስ ሁለት? ሰው የማይመላለስበትና ስሎፑ ጥሩ የሆነ ትንሽ ጣሪያ ላይ በጥንቃቄ የተሠራ አንድ ንብርብር ሊበቃ ይችላል። ከሥሩ ሰው የሚኖርበት ሶሌታ ላይ ግን ሁለት ንብርብር እመክራለሁ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ ጥቅል ፈቀቅ ብሎ ይነጠፋል፤ ስለዚህ የአንዱ መደራረቢያ ከሌላው መደራረቢያ ላይ አይወድቅም፤ አንዱ ላይ የተሠራ ስህተት ሌላው ይሸፍነዋል። የላይኛው ንብርብር ድንጋያማ ጠጠር የለበሰ ይሁን። የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ መሀል አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ጠጠር ያልለበሰ ጥቁር ሜምብሬን እዚህ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ እንደ አዞ ቆዳም ይሰነጣጠቃል። በጥቅሉ ላይ «ኤፒፒ» ወይም «ኤስቢኤስ» የሚል ይጻፋል። ኤፒፒ ሙቀትንና ፀሐይን በተሻለ ይችላል፤ ኤስቢኤስ በብርድ አገር የተሻለ ይለጠጣል። ለእኛ ፀሐይ የላይኛው ንብርብር ኤፒፒ ቢሆን እመርጣለሁ።

ፈሳሽ ቅብ መደራረቢያ የለውም፤ ትልቁ ውበቱ ይህ ነው። የሮቶ እግር፣ የዲሽ ምሰሶ፣ ብዙ ቱቦ የበዛበት ጣሪያ ላይ ሜምብሬን እየቆራረጡ ማያያዝ አስቸጋሪ ነው፤ ፈሳሹ ግን ሁሉንም ዞሮ ያለብሳል። ችግሩ ውፍረቱ ሙሉ በሙሉ በቀቢው እጅ መሆኑ ነው። ፖሊዩሬቴን ከደረቀ በኋላ ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ለዚህም እንደ ምርቱ በካሬ ሜትር 2 ኪሎ አካባቢ ይፈጃል። ስለዚህ ለ140 ካሬ ሜትር 280 ኪሎ ገደማ መግባት ሲኖርበት ጣሪያው ላይ የተከፈቱት ባልዲዎች ሲቆጠሩ 120 ኪሎ ብቻ ከሆኑ የተቀባው ቀለም ነው፣ ውሃ መከላከያ አይደለም። ባዶ ባልዲዎቹ ሥራው ሳያልቅ ከጣሪያው እንዳይወርዱ ማድረግ የባለቤቱ ምርጥ ቁጥጥር ነው። ፖሊዩሬቴን እርጥበት ያለው ስክሪድ ላይ ሲቀባ አረፋ ያወጣል፤ ብዙዎቹ ዓይነቶችም ፀሐይን የሚቋቋም ሌላ የላይ ቅብ ይፈልጋሉ። አክሪሊኩ ርካሽና ለመቀባት ቀላል ነው፤ እንዳልኩት ግን ውሃ የማይቆምበት ዘቅዛቃ ቦታ ላይ ብቻ ነው የምጠቀመው።

ሲሚንቶ-ነክ ቅብ በተቃራኒው እርጥበትን አይፈራም፤ እንዲያውም ከመቀባቱ በፊት ገጹ በውሃ ይርሳል። በሁለት እጅ ተቀብቶ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ብሎኬትና ልስን ላይ በደንብ ይይዛል፤ በላዩም ሴራሚክ መለጠፍ ይቻላል። ደካማ ጎኑ ስንጥቅ ነው። ፀሐይ ቀን ሙሉ ስታግለው ውላ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ሰፊ ሶሌታ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል፤ ይህ ቅብ ተጣጣፊ የሚባለው ዓይነት እንኳ ቢሆን ጥቃቅን ስንጥቅ እንጂ የሚንቀሳቀስ ስንጥቅ አይሸፍንም። ስለዚህ ሻወር ቤትና ፓራፔት ላይ እወደዋለሁ፤ 140 ካሬ ሜትር የተጋለጠ ሶሌታ ላይ ብቻውን አላምነውም።

ሰዎች ስለ አራተኛ መንገድም ይጠይቁኛል፦ ሶሌታው ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ መሥራት። መሥራት ይቻላል፤ ስሎፑን የማስተካከል ጣጣም ይቀራል። ነገር ግን ፓራፔት ካለ ቆርቆሮው ውሃውን የሚጥለው ከፓራፔቱ ጀርባ ባለ አሸንዳ ውስጥ ነው። አሸንዳው ሲደፈን ውሃው ወደ ውጭ መፍሰሻ የለውምና ወደ ቤት ይገባል። ፓራፔቱን አፍርሶ ቆርቆሮውን ከግድግዳው አሳልፎ ማውጣት ካልተቻለ ችግሩን ከሶሌታ ወደ አሸንዳ ማዛወር ነው።

ፓራፔቱ፦ ምርጫው የሚወሰንበት ቦታ

አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ዕድለኛ ነው። ሶሌታው ሲሞላ ዙሪያውን 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የኮንክሪት እግር አብሮ ቢሞላና ብሎኬቱ ከዚያ በላይ ቢጀምር፣ ከላይ በብሎኬቱ የወረደ ውሃ ከሜምብሬኑ በታች መግባት አይችልም። ወጪው ጥቂት ኮንክሪትና ፌሮ ነው፤ በኋላ የሚያድነው ደግሞ የመምህሩ ዓይነት ችግር ነው። ቤቱ ከተሠራ በኋላ ግን ያንኑ ውጤት በሦስት ደረጃ ማምጣት አለብን፦ ማዕዘኑን ማለዘብ፣ ሜምብሬኑን በቂ ከፍታ ማድረስ፣ ከላይ የሚመጣውን ውሃ ማገድ።

ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ሆኖ ከቀረ ሜምብሬኑ እዚያ ላይ ሳይጠጋ ባዶ ይሆናል፤ ሰው ሲረግጠው ይቀደዳል። ስለዚህ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ላይ 5 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዘቅዛቃ ሞርታር ይሠራል። በላዩ ማዕዘኑን የሚያጠናክር 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የሜምብሬን ቁራጭ ቀድሞ ይለጠፋል፤ ብሎኬቱና ሶሌታው በፀሐይ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ በዚህ መስመር ስንጥቅ መምጣቱ አይቀርምና።

ከፍታው ከተጠናቀቀው ወለል ላይ ተለክቶ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። «ከተጠናቀቀው ወለል» የምለው በኋላ ሴራሚክ ወይም ሌላ ስክሪድ ሲጨመር ብዙ ጊዜ 15 የነበረው 7 ሆኖ ስለሚቀር ነው። እኔ 25 አደርገዋለሁ። ሜምብሬኑ ልስን ላይ አይለጠፍም፤ ልስኑ እስከዚያ ከፍታ ተነስቶ ብሎኬቱ በጠንካራ ሞርታር ይስተካከላል፣ ፕራይመር ይቀባል፣ ከዚያ ይለጠፋል። የላይኛው ጠርዝ በአሉሚኒየም ዘንግ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በብሎን ይያዛል፤ ከዘንጉ በላይ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይሞላል። አንዳንድ ሠራተኛ ጠርዙን በሲሊኮን ብቻ ያሽገዋል፤ ሲሊኮን ሬንጅ ላይ ስለማይይዝ በአንድ በጋ ይላቀቃል።

ከላይ ለሚመጣው ውሃ መፍትሔው ክዳን ነው። የላይኛው ረድፍ ብሎኬት ቀዳዳ በኮንክሪት ይደፈናል፤ በላዩ 6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክዳን ይሞላል። ክዳኑ ወደ ጣሪያው፣ ማለትም ወደ ውስጥ፣ ዘቅ ይላል፤ ወደ ውጭ ከዘቀዘቀ የቤቱን ፊት ያቆሽሻል። በሁለቱም በኩል 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወጣና ከሥሩ ጣት የምታህል ቦይ ይበጅለታል፤ ጠብታው ወደ ግድግዳው ሳይሮጥ እዚያው እንዲወድቅ። እዚህ ላይ ሲሚንቶ-ነክ ቅቡ ቦታውን ያገኛል፦ ከአሉሚኒየም ዘንጉ በላይ ያለውን የፓራፔት ውስጣዊ ገጽና የክዳኑን አናት በሁለት እጅ ያለብሰዋል።

ለመምህሩ ቤት የመረጥነው

ስለዚህ መልሱ አንድ ዕቃ አልነበረም። ለወለሉ ሁለት ንብርብር ሜምብሬን፣ ለፓራፔቱ ሲሚንቶ-ነክ ቅብ፣ ለቱቦዎቹ ዙሪያ ደግሞ ትንሽ ፖሊዩሬቴን መረጥን። ስሎፑን ከመሀል ወደ ሁለቱ ጎኖች ለማድረግ አሮጌዎቹ ሁለት ሜምብሬኖችና 4 ሳንቲ ሜትር ስክሪድ ተነሱ፤ በዚህ ብቻ በካሬ ሜትር ከ90 ኪሎ በላይ ከጣሪያው ወረደ። በምትኩ የገባው የፑሚስና የጠንካራ ስክሪድ ድርብ በአማካይ 105 ኪሎ ገደማ ነው። መሐንዲሱ የፈረመውም የተጨመረው ክብደት ትንሽ ስለሆነ ነው። በእያንዳንዱ ጎን ባሉት ሁለት መውረጃዎች መካከልና በጥጎቹ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጉብታ ተሠራ፤ ፓራፔቱ ሥር ውሃ እንዳይተኛ።

ጥቅሉን እንዲህ አሰላነው። በመደራረቢያው ምክንያት አንድ 10 ካሬ ሜትር ጥቅል የሚሸፍነው ወደ 8.9 ካሬ ሜትር ነው፤ ለ140 ካሬ ሜትር 16 ጥቅል ይሆናል። የፓራፔቱ ዙሪያ 48 ሜትር ነው፤ ግድግዳው ላይ 25፣ ወለሉ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ስንይዝ 3 ጥቅል ያስፈልጋል። ለአንድ ንብርብር 19፣ ለሁለት 38፣ ለማዕዘንና ለመውረጃ አፍ 2 ጨምረን 40 ጥቅል ገዛን። ፕራይመሩ በካሬ ሜትር 0.3 ሊትር ያህል ነበር። መውረጃዎቹ አፍ ላይ ወለሉ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተጨማሪ ዝቅ ተደርጎ ተሠራ፤ እዚያ ብዙ ንብርብር ስለሚደራረብ ውሃውን የሚገድብ ጉብታ እንዳይሆን።

ስክሪዱ የተሞላው ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው። ሜምብሬኑ የተለጠፈው ግን ጥር አጋማሽ ነው። ሁለት ወር መጠበቁ ለመምህሩ ከብዷቸው ነበር፤ ሠራተኛውም «ጋሼ፣ ላዩ ደርቋል እኮ» ይላቸዋል። ላዩ ደርቋል፣ ፑሚሱ ግን አልደረቀም። መድረቁን የምንፈትነው ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ግልጽ ላስቲክ ጠርዙን በሙሉ በስኮች አጣብቀን፣ ከ16 ሰዓት ያላነሰ አቆይተን ስናነሳው ነው። ከሥሩ ላብ ካለ ወይም ስክሪዱ ከጠቆረ እንጠብቃለን። በታኅሣሥ መጨረሻ ከአምስት ቦታ ሁለቱ ላብ አሳዩ፤ በጥር አጋማሽ አምስቱም ደረቁ። ከየካቲት መጨረሻ በኋላ የበልግ ዝናብ ስለሚጀምር ሥራው ሳይዘገይ መጠናቀቅ ነበረበት።

ሜምብሬኑ እንዳለቀ ሮቶው ከመመለሱ በፊት የ48 ሰዓቱን የውሃ ሙከራ ደገምነው፤ ፓራፔቱንም በጎማ አራስነው። ታች ደረቅ ነበር። ሮቶው በሜምብሬኑ ላይ በተነጠፈ ትርፍ የሜምብሬን ቁራጭና በላዩ በተሞላ የኮንክሪት መቀመጫ ላይ ተመለሰ፤ አንድም ብሎን ወለሉን አልበሳም። የዲሽ ምሰሶውም ከወለሉ ተነስቶ ፓራፔቱ የውጭ ገጽ ላይ ታሰረ።

ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ጥቅምት ላይ ተመልሼ ሳይ በመሀሉ ከፍታ አጠገብ መዳፍ የምታህል እባጭ አገኘሁ። ፑሚሱ በጣም ወፍራም የሆነበትና ላስቲኩን ያላስቀመጥንበት ቦታ ነበር፤ የቀረው እርጥበት በፀሐይ ተንኖ ሜምብሬኑን አንስቶታል። እባጩን በመስቀል ቀደን ገለጥነው፤ ሁለት ቀን በፀሐይ ደረቀ፤ አራቱን ክንፎች መልሰን በእሳት ለጠፍንና በየአቅጣጫው 15 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍ ቁራጭ ደረብንበት። መምህሩ መኝታ ቤቱን ያን ጊዜ ቀለም አስቀቡት። አሁን በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ ልጃቸው ወጥቶ አራቱን መውረጃዎች በእጁ ያጸዳል፣ የአሉሚኒየም ዘንጉን ጠርዝ በጣቱ እየጫነ ዙሪያውን ይሄዳል፤ የተላቀቀ ማሸጊያ ካገኘ ይደውልልኛል።